ፕላዝሚድና መድኃኒት መላመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ካሉ ክሊኒኮች የሽንት ካልቸር ያሠራ ሰው የሚሰጠውን ወረቀት ያውቀዋል። በአንድ በኩል የመድኃኒት ስም ተደርድሯል፤ በሌላው በኩል «ኤስ» ወይም «አር» ተጽፏል። «ኤስ» ካለ መድኃኒቱ ጀርሙን ያጠፋዋል። «አር» ካለ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዷል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ «አር» ሲበዛ ሰው ይደነግጣል፣ ጥያቄውም ይከተላል። ከታች ያሉት ከታካሚዎች፣ ከፋርማሲ ሠራተኞችና ከተማሪዎች ደጋግመው የሚመጡት ናቸው።

እኔ የወሰድኩት ሴፍትሪያክሶን ብቻ ነው። ታዲያ ጄንታማይሲን፣ ኮትሪሞክሳዞልና ቴትራሳይክሊን ለምን «አር» ሆኑ?

ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ መድኃኒቶች ዝምድና የላቸውም። ሴፍትሪያክሶን ባክቴሪያው የሕዋስ ግድግዳውን እንዳይገነባ ያደርጋል። ጄንታማይሲንና ቴትራሳይክሊን ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ይይዛሉ፤ ያውም በተለያየ ቦታ። ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ ፎሌት እንዳያመርት ይከለክለዋል። አንዱን መላመድ ሌላውን ለመላመድ አይረዳም።

በአጋጣሚ ለውጥ ነው እንዳንል ሒሳቡ እምቢ ይላል። አንድ መድኃኒት የሚያስመልጥ ለውጥ በግምት ከመቶ ሚሊዮን ሕዋሳት በአንዱ ላይ ቢደርስ፣ አራቱ በአንድ ሕዋስ ላይ አንድ ላይ ይደርሳሉ ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ስለዚህ አራቱ አብረው ነው የመጡት፤ ያመጣቸውም አብዛኛውን ጊዜ ፕላዝሚድ የሚባል፣ ከክሮሞዞሙ የተለየ ትንሽ ዲኤንኤ ነው።

እንዲህ ባለ ፕላዝሚድ ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ሲቲኤክስ-ኤም-15 የሚባለውን ጂን ነው። የሚያሠራው ኢንዛይም የሴፍትሪያክሶንን ቀለበት ይሰብረዋል። ከጎኑ ጄንታማይሲን ላይ ኬሚካል ለጥፎ ከራይቦዞም ጋር እንዳይገጥም የሚያደርግ ሌላ ጂን አለ። ትንሽ አለፍ ሲል ኮትሪሞክሳዞል የማይነካቸው ምትክ ኢንዛይሞች የሚያሠሩ ሁለት ጂኖች ይኖራሉ። ቀጥሎ ደግሞ ቴትራሳይክሊንን እየቀዳ ወደ ውጭ የሚተፋ ፓምፕ። ሁሉም አንድ ዲኤንኤ ላይ ተደርድረዋል።

ነገሩ አንዱ ተሳፋሪ ሒሳቡን ከፍሎ ሌሎቹ በነጻ እንደሚሄዱበት ታክሲ ነው። እርስዎ ሴፍትሪያክሶን ሲወስዱ ፕላዝሚዱ የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ ያላቸው ይተርፋሉ። የተረፉት ግን ይዘው የሚሄዱት የሴፍትሪያክሶኑን ጂን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ፕላዝሚድ ነው። ጄንታማይሲን ነክቶዎት ባያውቅም እሱን የሚቋቋመው ጂን አብሮ በዝቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። «አር» ሁሉ ከፕላዝሚድ አይመጣም። ለምሳሌ ሲፕሮን በደንብ የተላመደ ኢ. ኮላይ የሚባለው የሆድ ባክቴሪያ ሲገኝ ዋናው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ክሮሞዞሙ ላይ የደረሰ ለውጥ ነው። ፕላዝሚድ ላይ ያሉት የሲፕሮ ጂኖች ብቻቸውን ደካማ ናቸው።

ፕላዝሚድ ራሱ ምንድን ነው?

ከባክቴሪያው ክሮሞዞም ተለይቶ ለብቻው የሚኖር፣ ለብቻው የሚባዛ ትንሽ ዲኤንኤ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው። የኢ. ኮላይ ክሮሞዞም 4.6 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። መድኃኒት የመላመድ ጂኖችን የሚሸከሙት ትልልቅ ፕላዝሚዶች ብዙውን ጊዜ ከ50 ሺህ እስከ 150 ሺህ ፊደላት ናቸው። ጥቂት ሺህ ፊደላት ብቻ ያላቸው ትንንሾችም አሉ። ስሙን ያወጣለት ጆሹዋ ሌደርበርግ ነው፣ በ1952 እ.ኤ.አ.።

ባክቴሪያው ያለ ፕላዝሚድ መኖር ይችላል። መድኃኒት በሌለበት ቦታ እንዲያውም ሸክም ሊሆንበት ይችላል።

ራሱን የሚባዛው እንዴት ነው?

ፕላዝሚድ የራሱ የመገልበጫ ማሽን የለውም፤ የባክቴሪያውን ነው የሚጠቀመው። የራሱ የሆነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መገልበጥ የሚጀመርበት ቦታ ነው። ሁለተኛው «እዚህ ጋ ጀምሩ» ብሎ የባክቴሪያውን ኢንዛይሞች የሚጠራው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ጥንዱ ክር ይከፈታል፣ ኢንዛይሞቹ ይገባሉ፣ ቀለበቱ ዙሪያውን ተገልብጦ ሁለት ይሆናል።

የሚገርመው መቼ ማቆም እንዳለበት ማወቁ ነው። ያለ ልክ ቢባዛ ባክቴሪያውን ያደክመዋል፣ ካልተባዛ ደግሞ ይጠፋል። በደንብ የተጠናውን «አር1» የተባለ ፕላዝሚድ እንመልከት። በአንድ ሕዋስ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ብቻ ነው የሚኖረው። ጠሪው ፕሮቲን «ሬፕኤ» ይባላል። ፕላዝሚዱ ከዚሁ ጎን «ኮፕኤ» የምትባል አጭር አርኤንኤ ያለማቋረጥ ያመርታል። ኮፕኤ የሬፕኤን መልእክተኛ አርኤንኤ ሄዳ ትለጠፍበታለች፤ የተለጠፈችበት መልእክት ደግሞ ፕሮቲን አይሆንም።

አሁን ሒሳቡን ይከተሉት። የፕላዝሚዱ ቅጂ ሲበዛ ኮፕኤም ትበዛለች፣ ሬፕኤ ይታፈናል፣ መገልበጡ ይቆማል። ሕዋሱ ሲያድግ ወይም ለሁለት ሲከፈል ኮፕኤ ትሳሳለች። ዕድሜዋ አጭር ስለሆነም የቀድሞው ክምችት ቶሎ ያልቃል። ያኔ ጥቂት የሬፕኤ መልእክቶች ያመልጣሉ፣ መገልበጡም እንደገና ይጀምራል። ቆጣሪ የለም፣ ግን ቁጥሩ ይጠበቃል።

ባክቴሪያው ለሁለት ሲከፈል አንዱ ልጅ ባዶ እጁን አይቀርም?

እንደ ቅጂው ብዛት ነው። 20 ቅጂ ያለው ትንሽ ፕላዝሚድ ቢሆንና ቅጂዎቹ በዘፈቀደ ቢከፋፈሉ፣ አንዱ ልጅ ባዶውን የሚቀርበት ዕድል ከ500 ሺህ ክፍፍል አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ለዚህ ማንም አይጨነቅም። ሁለት ቅጂ ብቻ ያለው ትልቅ ፕላዝሚድ ግን በዘፈቀደ ቢተው ኖሮ ከሁለት ክፍፍል በአንዱ ባዶ ልጅ ይወለድ ነበር።

ለዚህ ነው ትልልቆቹ ዘዴ ያበጁት። አር1 «ፓርኤም» የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ይህ ፕሮቲን እየተቀጣጠለ ዘንግ ይሆናል። የዘንጉ ሁለት ጫፎች ሁለቱን ቅጂዎች ይይዙና ወደ ሕዋሱ ሁለት ዳርቻዎች ይገፏቸዋል። ሕዋሱ መሀል ለመሀል ሲከፈል ለየልጁ አንድ አንድ ይደርሳል።

ይህ ካልሠራ ሁለተኛው መላ ጨካኝ ነው። አር1 «ሆክ» የሚባል መርዝ እና «ሶክ» የምትባል ማርከሻ አርኤንኤ አብሮ ያሠራል። የሆክ መልእክት ለረጅም ጊዜ አይበላሽም፤ ሶክ ግን ቶሎ ትበላሻለች። ፕላዝሚዱ እስካለ ድረስ ሶክ እየተመረተች ሆክን ታፍነዋለች። ባዶውን የቀረው ልጅ ግን ከእናቱ የወረሰው ሁለቱንም ነው፤ ሶክ ታልቅበታለች፣ የምትተካ የለችም። የሆክ መልእክት ወደ ፕሮቲን ይለወጥና የሕዋሱን ሽፋን ያበላሸዋል፣ ልጁም ይሞታል። ጥቂቶች ያመልጡ ይሆናል፤ ግን ፕላዝሚዱን መጣል ለባክቴሪያው እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሌላ ባክቴሪያ የሚሻገረውስ እንዴት ነው?

ዋናው መንገድ ሁለት ባክቴሪያዎች ተነካክተው የሚያደርጉት ርክክብ ነው፤ ኮንጁጌሽን ይባላል። ሌደርበርግና ኤድዋርድ ቴተም ባክቴሪያዎች ዘረመል እንደሚለዋወጡ ያሳዩት በ1946 ነበር። በ1950 በርናርድ ዴቪስ ሁለቱን ዝርያዎች ፈሳሽ ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ ሲለያቸው ልውውጡ ቆመ። መነካካት ግድ እንደሆነ የታወቀው በዚህ ነው።

ሂደቱ ይህን ይመስላል። ሰጪው ባክቴሪያ ፒለስ የሚባል ቀጭን ክር ይዘረጋል። ክሩ ተቀባዩን ሲያገኝ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ሁለቱም ይጠጋጋሉ። ከዚያ ሪላክሴዝ የተባለ ኢንዛይም ፕላዝሚዱ ላይ ካለ አንድ የተወሰነ ቦታ ሄዶ ከሁለቱ ክሮች አንዱን ብቻ ይቆርጣል። ከተቆረጠው ጫፍ ጋር ተጣብቆ ይቀርና ክሩን እየመራ በሁለቱ ሕዋሳት መሀል በተሠራው መተላለፊያ ወደ ተቀባዩ ይገባል። ከኋላው ሰጪው የጎደለውን ክር ይተካል፣ ተቀባዩም የገባለትን ነጠላ ክር ጥንድ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ሪላክሴዙ ጫፎቹን ይገጥምና ቀለበቱ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። ሰጪው ምንም አያጣም፤ ሁለቱም ሙሉ ፕላዝሚድ ይዘው ይለያያሉ፣ ተቀባዩም በተራው ሰጪ ይሆናል።

ፍጥነቱስ? በላብራቶሪ የኢ. ኮላይ ሙሉ ክሮሞዞም በዚህ መንገድ ለማለፍ 100 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያው ፍጥነት 100 ሺህ ፊደላት ያሉት ፕላዝሚድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። መጠጋጋቱና መተላለፊያው የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ባክቴሪያ እስካሁን አልተቀበለም? ብዙዎቹ ፕላዝሚዶች ፍሬን አላቸው። የመሻገሪያውን ጂኖች አፍነው ይይዟቸዋል፤ ፒለስ መዘርጋት ጉልበት ይበላልና። ነገር ግን አዲስ ተቀባይ ውስጥ ሲገቡ ፍሬኑ ገና አልተጠራቀመም። ለጥቂት ትውልድ ያህል አዲሱ ባለቤት በነጻነት ያድላል። ስለዚህ ፕላዝሚዱ የሌላቸው ብዙ ባክቴሪያዎች ባሉበት ቦታ አንድ ርክክብ ሌላውን እየጠራ ይሄዳል። ሁሉም ሲያገኝ ደግሞ ይረግባል፤ ፕላዝሚዱ ያለው ሕዋስ ተመሳሳይ ፕላዝሚድ እንዳይገባበት በሩን ይዘጋልና።

ይህ ከአንድ ዓይነት ጀርም ወደ ሌላ ዓይነትም ይሠራል? በሰው ሆድ ውስጥ?

አዎ፤ ነገሩ የታወቀውም ከሰው ሆድ ነው። በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ ተቅማጥና ደም የሚያመጣው ሺጌላ ሰልፋ፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ክሎራምፌኒኮልና ቴትራሳይክሊን አንድ ላይ የተላመደ ሆኖ መገኘት ጀመረ። ሐኪሞቹን ግራ ያጋባቸው ከአንድ ታካሚ ሰገራ አራቱንም የተላመደና አንዱንም ያልተላመደ ሺጌላ ጎን ለጎን መገኘቱ ነበር። አንድ መድኃኒት ብቻ ተሰጥቷቸው አራቱን የተላመደ ጀርም የወጣባቸው ሰዎችም ነበሩ። በ1959 ቶሞኢቺሮ አኪባና ኩኒታሮ ኦቺያይ፣ በየፊናቸው፣ የተላመደ ኢ. ኮላይ ካልተላመደ ሺጌላ ጋር ሲቀላቀል አራቱንም ችሎታ እንደሚያሻግርለት አሳዩ። ሆድ ውስጥ ያለው ጉዳት የሌለው ኢ. ኮላይ ጎተራ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በቅርቡ ከታዩት ከባዱ የፓኪስታኑ ታይፎይድ ነው። በ2016 መጨረሻ በሲንድ ግዛት ሃይደራባድ ከተማ የተነሳው ወረርሽኝ ሴፍትሪያክሶንንም የተላመደ ነበር። የታይፎይዱ ጀርም ሲቲኤክስ-ኤም-15ን የያዘ ፕላዝሚድ ተቀብሎ ነበር፤ ፕላዝሚዱም ኢ. ኮላይ ላይ ከተገኘ ፕላዝሚድ ጋር ይመሳሰል ነበር። ከላይ በጠቀስኩት የሽንት ውጤት ላይ ያለው ጂን ራሱ ነው። ጂኑ መጀመሪያ የመጣው ክሉይቬራ ከሚባል ባክቴሪያ ክሮሞዞም ላይ ነው። እዚያ ሆኖ ማንንም አላስቸገረም፤ ችግሩ የጀመረው ፕላዝሚድ ላይ ሲወጣ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ፕላዝሚድ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

ከካልቸር ወረቀቱ አይታወቅም። ወረቀቱ የሚነግረን ጀርሙ ተላምዷል አልተላመደም የሚለውን ነው። የዲኤንኤ ንባብ ማሽን ያለው ቅደም ተከተሉን ያነባል። ማሽን በሌለበት ደግሞ የድሮው የማዳቀል ሙከራ አለ፤ እኔ አሁንም የምወደው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ፕላዝሚዱ መሻገሩን በዓይን ያሳያል።

ከሽንት የወጣ፣ ሴፍትሪያክሶንና ጄንታማይሲን የተላመደ ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ አለን እንበል። ሰጪው እሱ ነው። ተቀባይ የሚሆነው ጄ53 የሚባለው የላብራቶሪ ኢ. ኮላይ ነው። ጄ53 አንቲባዮቲኮቹን አልተላመደም፤ ሶዲየም አዛይድ የሚባለውን ኬሚካል ግን ይቋቋማል። ሁለቱን ለየብቻ አሳድገን በፈሳሽ ምግብ ውስጥ እንቀላቅልና ሳንነቀንቅ በ37 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት እናቆያለን። ከነቀነቅነው የተጠጋጉት ይለያያሉ።

ከዚያ አዛይድና ሴፎታክሲም ሁለቱም ያሉበት የማኮንኪ አጋር ሳህን ላይ እንዘራለን። ሴፎታክሲም የሴፍትሪያክሶን የቅርብ ዘመድ ነው። ክሌብሲየላውን አዛይዱ ያግደዋል፤ ጄ53ን ሴፎታክሲሙ ይገድለዋል። እዚያ ላይ የሚያድገው ፕላዝሚዱን የተቀበለ ጄ53 ብቻ ነው። በማግስቱ የክሌብሲየላው እርጥብና ዝልግልግ ሳይሆን የኢ. ኮላይ ደረቅ ያለ ሮዝ ቅኝ፣ ማለትም የባክቴሪያ ክምር፣ ካየን ጥሩ ምልክት ነው።

ቁጥሩን በምሳሌ እንሥራው። ድብልቁን መቶ ጊዜ አቅጥነን 0.1 ሚሊ ሊትር ዘርተን 30 ቅኝ ቢወጣ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ፕላዝሚዱን የተቀበሉ 30 ሺህ ጄ53 አሉ ማለት ነው። በዚያው አንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን ሰጪዎች ቢኖሩ ከ3,300 ገደማ ሰጪዎች ለአንዱ አንድ ርክክብ ይደርሳል።

ከዚያ የወጣውን ቅኝ ወስደን ሌላ ሳህን ላይ ዘርተን መድኃኒት የተነከረ ክብ ወረቀት የምናስቀምጥበትን የዲስክ ምርመራ እንሠራለታለን። ከሙከራው በፊት ጄ53 በሴፍትሪያክሶን ዲስክ ዙሪያ ሰፊ ባዶ ክብ ይተው ነበር። አሁን ክቡ 19 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ «አር» ነው። ደስ የሚለው ግን የጄንታማይሲኑ ዲስክ ነው። አዛይድና ሴፎታክሲም ባለበት ሳህን ላይ ጄንታማይሲን አላደረግንም፣ ማንም አልመረጠውም። ክቡ ከጠፋ ግን ጂኑ አብሮ ተሻግሯል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እዚያ ሳህን ላይ ይታያል።

ሊያሳስቱ የሚችሉ ነገሮችም አሉ። ሰጪው በራሱ ለውጥ አዛይዱን ሊቋቋም ይችላል። ስለዚህ ሰጪውን ብቻውን፣ ተቀባዩንም ብቻውን እዚያው ዓይነት ሳህን ላይ መዝራት ግድ ነው። ሁለቱም ሳህኖች ባዶ መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ የቀረውን መቁጠር ዋጋ የለውም። በሌላ በኩል ምንም ካልወጣ «ፕላዝሚድ የለም» ብሎ መደምደም አይቻልም። ራሳቸውን ማሻገር የማይችሉ ፕላዝሚዶች አሉ። በታይፎይድ ጀርም ላይ የሚገኙ አንዳንድ ትልልቅ ፕላዝሚዶች ደግሞ በ37 ዲግሪ ሰንፈው ከ22 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው በደንብ የሚሻገሩት። መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ቀዝቅዞ ያደረ ቀን የተለየ ውጤት ያየ ሰው ወደ ቴርሞሜትሩም ይመልከት።

ሳሙናና አልኮል ፕላዝሚዱን ያጠፋሉ?

ባክቴሪያውን ይቀንሳሉ፣ ይህ ይበቃል። የሞተ ባክቴሪያ ፒለስ አይዘረጋም። ፕላዝሚድ መኖሩ በራሱ አልኮልን ለመቋቋም አይረዳውም።

መድኃኒቱን ካቆምኩ በኋላ ከሆዴ ይጠፋል?

ብዙ ሰው ላይ ይቀንሳል፤ ግን ቀን ቆርጦ መናገር አይቻልም። በኔዘርላንድ ተጓዦች ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት አለ። በጉዞ ላይ እንዲህ ያለ ጀርም ይዘው ከተመለሱት ግማሽ ያህሉ በ30 ቀን ገደማ ውስጥ ጠፍቶላቸዋል። ከአሥሩ አንዱ ያህል ግን ከዓመት በኋላም ነበረበት። በመሀል አንቲባዮቲክ መውሰድ ያለውን መልሶ ያበዛዋል፤ መድኃኒቱ ሌላ ዓይነት ቢሆንም ጂኑ ያው ፕላዝሚድ ላይ ካለ ውጤቱ አንድ ነው። ለጉንፋን ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ ኮትሪሞክሳዞል የሴፍትሪያክሶኑን ጂን ሊያቆይ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ቀጣዩን ካልቸር ስሰጥ ምን ልናገር?

ባለፉት ሦስት ወራት የወሰዱትን አንቲባዮቲክ ሁሉ ይናገሩ፤ ሆስፒታል ተኝተው ከነበረም ይጨምሩ። የቀድሞውን ውጤት አይጣሉት፣ ይዘው ይምጡ። ሽንቱን የሚሰጡት ከተቻለ የመጀመሪያውን ኪኒን ወይም መርፌ ከመውሰድዎ በፊት ይሁን። ጀምረው ከሆነ ደግሞ አይደብቁ፤ ሳህኑ ባዶ ሲወጣ ጀርም የለም ወይስ መድኃኒቱ አፍኖት ነው የሚለውን የምንለየው በዚያ ነው።